የሯጭ ሆድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ውድድር ላይ 15ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆዴ ይቆርጠኛል፤ ልምምድ ላይ ግን ደህና ነኝ። ማታ ሽሮ በእንጀራ፣ ጠዋት በሶ በማር ነው የምበላው። የትኛውን ልተው?» (ከካዛንቺስ)

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይተዉ፤ ቢሻልዎት እንኳ የትኛው እንደጎዳዎት አያውቁም። በውድድር ፍጥነት ሲሮጡ ደም ወደ እግር ጡንቻ ስለሚያደላ ለአንጀት የሚደርሰው ያንሳል፤ በዝግታ ልምምድ ላይ ያልተሰማዎት ምግብ ያን ጊዜ የሚያስቸግርዎት ስለዚህ ነው። ሽሮውና ሽንኩርቱ፣ እንዲሁም የበሶው ገብስ፣ ትንሹ አንጀት የማይፈጫቸው ስኳሮች አሏቸው፤ እነዚህ ትልቁ አንጀት ደርሰው ሲብላሉ ጋዝ ይፈጥራሉ። ማርም ለአንዳንድ ሰው አንጀት ይከብዳል።

መስቀል አደባባይ አብሮኝ የሚለማመድ አንድ ወዳጄ እንደ እርስዎ ያለ ችግር ነበረበት። እሑድ እሑድ 16 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የመጨረሻዎቹን 6 ኪሎ ሜትሮች በውድድር ፍጥነት እየሄደ፣ ቁርጠቱ የጀመረበትን ቦታና ከ10 ስንት እንደሆነ በደብተር ይጽፍ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች የለመደውን በልቶ 7 ጻፈ። በቀጣዮቹ ሁለት፣ እራቱን ብቻ ሽንኩርት በሌለው ሩዝና ድንች ሲለውጥ 6 ሆነ፤ ሽሮዋን ሁላችንም ስንከሳት ከርመን ነበር። ከዚያ እራቱን ወደ ሽሮ መልሶ፣ ከሩጫው ሦስት ሰዓት በፊት በበሶው ፋንታ ነጭ ዳቦና ሙዝ ሲበላ በሁለቱም እሑድ 2 ጻፈ። ጥፋቱ የቁርሱ እንጂ የእራቱ አልነበረም። ከበሶውና ከማሩ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን እያንዳንዱን ለብቻው መሞከር ይቀረዋል። የእርስዎ ሆድ የተለየ ውጤት ሊሰጥ ስለሚችል እያንዳንዱን ለውጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይድገሙት፤ በውድድሩ ዕለት አዲስ ነገር አይሞክሩ።

«እየሮጥኩ የፍራፍሬ ጭማቂ ስጠጣ ያቅለሸልሸኛል። ውኃ ብቻ ልጠጣ?» (ከፒያሳ)

ለአንድ ሰዓት ሩጫ ውኃ ይበቃል። ከዚያ ለሚረዝመው ግን ጭማቂው ወፍራም ስለሆነ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ውኃም ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል። በግማሽ ሊትር ውኃ 30 ግራም ስኳርና ቁንጥር ጨው በጥብጠው በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ። በሰዓት 30 ግራም ስኳር ከተስማማዎት በሳምንታት ልዩነት ቀስ በቀስ ወደ 60 ያሳድጉት፤ አንጀትም እንደ እግር ይለማመዳል።

«ቁርጠቱን ቀድሜ ለመከላከል ኢቡፕሮፌን ልዋጥ?» (ከአራት ኪሎ)

አይዋጡ። በሩጫ ደም ያነሰውን የአንጀት ግድግዳ ይበልጥ ይጎዳል፤ ላብ ባሟጠጠው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ያስጨንቃል። ከሩጫ በኋላ ሰገራዎ ደም ካለው ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ የምግቡን ሙከራ አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።