20 ሰዓት ለአምስት ትምህርት እንዴት ይከፋፈል?

ጥያቄ፦ «በሳምንት ማጥናት የምችለው 20 ሰዓት ብቻ ነው። የማርክ ድርሻቸው ሒሳብ 30፣ ፊዚክስ 20፣ ኬሚስትሪ 20፣ ባዮሎጂ 20፣ እንግሊዝኛ 10 ነው። ለሁሉም እኩል 4 ሰዓት ልስጥ ወይስ በጣም የሚከብደኝ ፊዚክስ ላይ ላተኩር? ግራ ገብቶኛል።»

እህቴ፣ እኩል ማካፈሉን ተዪው። 10 ማርክ ያለው እንግሊዝኛ 30 ማርክ ካለው ሒሳብ እኩል ሰዓት ሊወስድብሽ አይገባም። ሁሉንም ሰዓት ፊዚክስ ላይ ማፍሰስም አያዋጣም። ተማሪ ሳስጠና ሁለቱንም ዓይነት አያለሁ። አንዱ ለሁሉም እኩል ያካፍላል። ሌላው የሚፈራውን ትምህርት ይዞ ይከርምና ሌሎቹ ይቀዘቅዙበታል።

እኔ የምጀምረው ከፈተና ወረቀት ነው። በእያንዳንዱ ትምህርት አንድ የድሮ ፈተና ውሰጂ። ደብተር ዘግተሽ፣ ሰዓት ይዘሽ ሥሪው። ውጤቱን ከመቶ አስልተሽ ጻፊ። ከጎኑ ደግሞ ልትደርሺበት የምትችዪውን ግብ አስቀምጪ። ሁሉም ላይ 100 ብለሽ አትጻፊ። ብዙውን ጊዜ ከ50 ወደ 60 መውጣት ከ85 ወደ 95 ከመውጣት በጣም ይቀላል። ስለዚህ ጎበዝ በሆንሽበት ትምህርት ግቡን ትንሽ ከፍ አድርጎ ማቆም ይበቃል።

ለምሳሌ ሒሳብ 50 አመጣሽ፣ ግብሽ 80 ነው እንበል። ክፍተቱ 30 ነው። ሒሳብ ከጠቅላላው 30 በመቶ ስለሚይዝ፣ ከዚህ ክፍተት ወደ ጠቅላላ ውጤትሽ የሚገባው 9 ማርክ ነው። ፊዚክስ 45 ሆኖ ግቡ 75 ቢሆን ክፍተቱ ያው 30 ነው። ድርሻው 20 በመቶ ስለሆነ ግን የሚገኘው 6 ማርክ ነው። በዚሁ ስሌት ኬሚስትሪ ከ65 ወደ 80 ቢሄድ 3 ማርክ ያስገኛል። ባዮሎጂ ከ75 ወደ 85 ቢሄድ 2፣ እንግሊዝኛ ከ60 ወደ 80 ቢሄድም 2 ማርክ ነው። የማርክ ድርሻና ድክመት እዚህ ላይ ተጠቃለው ገቡ ማለት ነው።

የቀረው የትምህርቱ አስቸጋሪነት ነው። ይሄን ከድክመት ጋር አታምታቺው፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ትቆጥሪዋለሽ። እንግሊዝኛ ላይ 60 ማምጣትሽ ድክመት ነው፣ ግን ስትቀመጪበት ቶሎ ይገባሽ ይሆናል። እኔ የምለካው አንድ አዲስ ርዕስ ከጀመርሽ በኋላ ያለ ረዳት ጥያቄ እስክትሠሪ በሚፈጀው ጊዜ ነው። መካከለኛውን 1 በዪው፣ የሚያዘገየውን 1.5፣ ፈጠን የሚለውን 0.5። ፊዚክስ 1.5 ይሁን፣ ባዮሎጂ 0.5፣ ሌሎቹ 1። በማርኩ ስታባዢው ሒሳብ 9፣ ፊዚክስ 9፣ ኬሚስትሪ 3፣ ባዮሎጂ 1፣ እንግሊዝኛ 2 ይሆናል። ድምሩ 24 ነው።

አሁን ከ20ው ሰዓት ለእያንዳንዱ ትምህርት መጀመሪያ 1 ሰዓት ስጪ። ይሄ እንዳይረሳ የሚያደርግ መነሻ ነው፣ ምንም ጎበዝ ብትሆኚ አይነካም። የቀረውን 15 ሰዓት ለ24 አካፍዪው። ለአንድ ነጥብ ከ40 ደቂቃ ትንሽ ያነሰ ይደርሳል። ወደ ግማሽ ሰዓት ስናጠጋጋው ሒሳብ 6 ሰዓት ተኩል፣ ፊዚክስ 6 ሰዓት ተኩል፣ ኬሚስትሪ 3፣ እንግሊዝኛ 2 ሰዓት ተኩል፣ ባዮሎጂ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል።

አስቸጋሪነቱን ለምን 3 አላልኩትም? ፊዚክስን 3 ብትዪው 9 ሰዓት ወስዶ ሒሳብን ወደ 5 ያወርደዋል። የሚገኘው ማርክ ግን ሒሳብ ላይ ይበልጣል። የሚከብድ ትምህርት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ እውነት ነው። በሰዓት የሚመልሰው ማርክም ያንኑ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ 1.5 ላይ አቆመዋለሁ። አንድ ትምህርት ብቻውን ከሳምንቱ ሲሶ በላይ ሲወስድ ካየሁም አንድ ነገር ተበላሽቷል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የአንቺ ፊዚክስ ላይ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ። ውነት ፊዚክሱ ነው የሚከብድሽ? ያንን የፈተና ወረቀት እንደገና አውጪና ማርክ ካጣሽበት ጥያቄ ሁሉ ጎን ምክንያቱን ጻፊ፦ «ሐሳቡን አላውቀውም»፣ «አውቀዋለሁ ግን ስሌቱ ላይ ተሳሳትኩ»፣ «ሰዓት አለቀብኝ»። ከቆመበት ተነስቶ በ50 ሜትር ውስጥ 20 ሜትር በሰከንድ የደረሰ መኪና ፍጥንጥነቱ ስንት ነው ተባልሽ እንበል። ተማሪው ቀመሩን v² = u² + 2as ብሎ በትክክል ይጽፋል። ቁጥሮቹንም ይከታል፣ 400 = 100a ይላል። ከዚያ 400 ላይ 100 ቀንሶ 300 ብሎ ቁጭ! መካፈል ነበረበት፣ መልሱ 4 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። ይሄ ልጅ ፊዚክሱን ያውቀዋል። የጎደለው እኩልታ መፍታት ነው። እሱ ላይ ፊዚክስ ቢጨመርበት ያው ስህተት ነው የሚደጋገመው።

ከስህተቶችሽ አብዛኞቹ እንደዚህ ከሆኑ፣ ከፊዚክሱ ሰዓት ሁለቱን ለጥቂት ሳምንት ወደ ሒሳብ አዙሪ። እኩልታ መፍታትና ቀመር ማገላበጥ ላይ ብቻ ሥሪባቸው። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ የሚባለው እዚህ ጋ ነው። «ሰዓት አለቀብኝ» ከበዛ ደግሞ ሰዓት አትጨምሪ። ያለሽን ጊዜ ከንባብ አውጥተሽ ሰዓት እየያዝሽ ጥያቄ ወደ መሥራት አዙሪው።

አቀማመጡ ላይ ብዙ አልልም። 6 ሰዓት ተኩሉን በአንድ ቀን አትጨርሺው፣ በአራት ቀን በትኚው። የሚከብደውን ጭንቅላትሽ ትኩስ በሆነበት ሰዓት አድርጊ። እንግሊዝኛን በግማሽ ግማሽ ሰዓት በአምስት ቀን መበተን ይቻላል። ብቻ 20 ሰዓት ያልሽው እውነተኛ መሆኑን አንድ ሳምንት መዝግበሽ እዪ። 16 ከሆነ በ16 አስይው። አለበለዚያ ሁሌ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ የተመደበው ትምህርት ነው የሚዘለለው፣ እሱም ብዙ ጊዜ የምትጠዪው ይሆናል።

በየሦስት ሳምንቱ ሌላ የድሮ ፈተና ሠርተሽ ቁጥሮቹን ቀይሪ። ፊዚክስ 60 ከደረሰ ክፍተቱ 15 ይሆናል፣ ነጥቡም ከ9 ወደ 4.5 ይወርዳል። የተረፈው ሰዓት ራሱ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ግን ሰዓት ጨምሪ አልልሽም። ያን ጊዜ የምጠይቅሽ ሰዓቱን በምን እንዳሳለፍሽው ነው። ማስታወሻ እያነበብሽና እያሰመርሽ ከሆነ ግማሹን ጥያቄ በመሥራት ተኪው።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስቸጋሪነቱን ለሁሉም 1 አድርጊው። አዲስ ከባድ ምዕራፍ በዚያ ሰዓት ቢጀመር ለጥያቄ ሳይደርስ ፈተናው ይመጣል፤ ሰዓቱን ግማሽ መንገድ የደረስሽባቸው ርዕሶች ላይ አውይው።