«ሌባ ነው» ብዬ ፖስት አደረግሁ፤ የጠበቃ ደብዳቤ መጣብኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። ሴፕቴምበር 8 ቀን ሁለት ካርቶን ዕቃ አዲስ አበባ ለእናቴ እንዲያደርስልኝ ለአንድ የካርጎ ሰው 640 ፓውንድ ከፈልኩ። በስድስት ሳምንት ይደርሳል አለኝ። አምስት ወር ሊሞላ ሲል ዕቃው የለም፣ ስልኬንም ማንሳት አቆመ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 11 ሺህ አባል ባለው የሐበሾች የፌስቡክ ግሩፕ ላይ የሱቁን ፎቶ ለጥፌ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ይህን ሰውዬ ተጠንቀቁት። ሌባ ነው። ገንዘቤንም ዕቃዬንም በልቶኛል። ሱቁንም የከፈተው የሐበሻን ገንዘብ በልቶ ነው።» ዝርዝሩን ከሰዓት በኋላ እዚያው ኮሜንት ላይ አስረዳሁ። ብዙ ሰው «እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል» አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርቶኖቹ ደረሱ፤ አንዱ ተከፍቶ ታብሌት ጎድሎታል። አሁን ከጠበቃው ደብዳቤ መጥቶብኛል፦ ፖስቱን አጥፊ፣ ይቅርታ ጠይቂ፣ 10,000 ፓውንድ ክፈይ ይላል፤ የተሰጠኝ ጊዜ 14 ቀን ነው። እኔ የጻፍኩት እውነት ነው፤ ደግሞም የራሴ አስተያየት ነው። ሊያስከፍለኝ ይችላል?

መልስ፦ እንደተበደሉ ይገባኛል፤ ይህን መልስ ስጽፍም ያን አልረሳሁም። ነገር ግን «እውነት ነው» እና «አስተያየቴ ነው» የሚሉት ሁለት መከላከያዎች በእንግሊዝ ሕግ የተለያዩ ናቸው፤ የእርስዎ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችም ሁሉም በአንድ መከላከያ ሥር አይጠለሉም። ስለዚህ ፖስቱን እንደ አንድ ነገር አንየው። ዳኛውም እንደዚያ አያየውም።

በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ቃላቱ ምን ማለት ናቸው የሚለው ነው። ፖስቱ በአማርኛ ስለተጻፈ ለፍርድ ቤት በትርጉም ነው የሚቀርበው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውል ይሸነፋል። «ገንዘቤን በላኝ» የሚለውን አንድ ተርጓሚ «አጭበርብሮ ወሰደብኝ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ሌላው ደግሞ «ወስዶ አልመለሰልኝም» ይለዋል። የመጀመሪያው የወንጀል ክስ ነው፣ ሁለተኛው የዕዳ አቤቱታ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የተበደረ ጓደኛ ሲዘገይብንም «በላኝ» እንላለን። የተላከልዎት ደብዳቤ የከሳሹን ትርጉም አያይዞ ከሆነ ሳይመረምሩ አይቀበሉት። መለኪያው ያን ግሩፕ የሚያነብ ተራ አማርኛ አንባቢ ቃሉን እንዴት ይረዳዋል የሚለው እንጂ መዝገበ ቃላት ላይ የተጻፈው አይደለም።

ይህን በግልጽ ያሳየው የስቶከር ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት የቀድሞ ባሏ «ሊያንቀኝ ሞክሯል» ብላ ፌስቡክ ላይ ጻፈች። የመጀመሪያው ዳኛ መዝገበ ቃላት ከፍቶ፣ እሷ በሕይወት ስላለች «ሞክሯል» ማለት «ሊገድለኝ ሞክሯል» ማለት ነው ብሎ ወሰነ፤ ያን ደግሞ ማስረዳት አልቻለችም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ይህን ሻረው። ፌስቡክ የሚያነብ ሰው እያገላበጠ ያልፋል፣ ቃል በቃል አይመዝንም፤ የሚረዳው አንገቷን አንቆ መያዙን ነው አለ። ፖሊስም አንገቷ ላይ ምልክት አይቶ ስለነበር እውነትነቱ ተረጋገጠላት። ለእርስዎም ከክርክሩ ግማሹ «በላኝ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ወደ እውነትነት እንምጣ። ሕጉ የ2013ቱ የስም ማጥፋት አዋጅ ነው። የተናገሩት በመሠረቱ እውነት ከሆነ መከላከያ ይሆንዎታል፤ እያንዳንዷ ዝርዝር ልክ መሆን የለባትም። ነገር ግን የማስረዳት ሸክሙ በእርስዎ ላይ ነው። ከሳሹ ሐቀኛ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም። «ዕቃዬን ወስዶ በቀጠሮው አላደረሰም፣ ስልክም አላነሣም» የሚለውን ያለ ችግር ያስረዳሉ፦ ደረሰኙ አለ፣ የዋትስአፕ መልእክቶቹ አሉ፣ ያልተመለሱት ጥሪዎች ስልክዎ ላይ ተመዝግበዋል። «በላኝ» ማለት «አጭበረበረኝ» ነው ከተባለ ግን የካርቶኖቹ መድረስ ይከብድብዎታል። ዕቃውን ያዘገየ ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ ኮንቴይነር ጂቡቲ ላይ ወራት ሊቀመጥም ይችላል።

በጣም የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። «የሐበሻን ገንዘብ በልቶ ሱቅ ከፈተ» የሚለው ስለ እርስዎ 640 ፓውንድ አይናገርም። ሰውየው በልማድ ብዙ ሰው እየዘረፈ ሀብት አካብቷል ይላል። ይህን ለማስረዳት ሌሎች ተበዳዮች ስማቸውን ሰጥተው፣ ፈርመው፣ ፍርድ ቤት ቀርበው መመስከር አለባቸው። ኮሜንት ላይ «እኔንም» ያሉት ሰዎች እስካሁን ማስረጃ አይደሉም። «ሰዎች የሚሉትን ነው የደገምኩት» የሚለው መልስም አይሠራም፤ በእንግሊዝ ሕግ የሌላውን ወሬ የደገመ ሰው ራሱ እንደተናገረው ይቆጠራል። አዋጁ አንድ ማለዘቢያ አለው፦ ከተባሉት ነገሮች የተወሰኑት እውነት መሆናቸው ከተረጋገጠ፣ የቀሩት ደግሞ ከእነዚያ በላይ በስሙ ላይ ከባድ ጉዳት የማይጨምሩ ከሆነ፣ መከላከያው አይፈርስም። ከእርስዎ ፖስት ውስጥ ያልተረጋገጠው ግን ከተረጋገጠው የከፋው ስለሆነ በዚህ ብዙም አልተማመንም።

አሁን «አስተያየቴ ነው» ወደሚለው። የሐቀኛ አስተያየት መከላከያ ሦስት ነገር ይፈልጋል። የተናገሩት ከፍሬ ነገር፣ ማለትም ሆነ ወይም አልሆነም ተብሎ ሊረጋገጥ ከሚችል ነገር፣ ይልቅ አስተያየት መሆን አለበት፤ የአስተያየቱ መነሻ ምን እንደሆነ ቢያንስ በጥቅሉ መጠቆም አለበት፤ ደግሞም አንድ ሐቀኛ ሰው ያን ጊዜ ከነበረ ፍሬ ነገር ተነሥቶ እንዲህ ሊያስብ የሚችል መሆን አለበት። ከዚህ በላይ እርስዎ ራስዎ ያን አስተያየት ካልያዙ መከላከያው ይወድቃል። «በኔ አስተያየት» ብሎ መጀመር ፍሬ ነገርን አስተያየት አያደርገውም፤ ሳይጽፉት መቅረትም አስተያየትን ፍሬ ነገር አያደርገውም።

«ሌባ ነው» ብቻውን ከቆመ የወንጀል ክስ ነው። ነገር ግን «ሴፕቴምበር ላይ 640 ፓውንድ ወሰደ፣ በስድስት ሳምንት አለ፣ አምስት ወር ሊሞላው ነው፣ ስልክ አያነሣም፤ ይህ ለኔ ሌብነት ነው» ቢባል አንባቢው መነሻውን አይቶ የራሱን ፍርድ ይሰጣል፤ ያ አስተያየት ነው። የእርስዎ ችግር መነሻው ከሰዓት በኋላ፣ ከታች፣ ኮሜንት ውስጥ መምጣቱ ነው። የከሳሹ ጠበቃ ፖስቱን ብቻ አይቶ ያለፈው ሰው ያን አላነበበም ይላል። እኛ ደግሞ ፖስትና ኮሜንት አንድ ላይ ይነበባሉ እንላለን። የሚያከራክር ነጥብ ነው፤ ተስፋ የሌለው ግን አይደለም።

ጊዜውን በሚመለከት ግን ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የሚታየው በፌብሩዋሪ 3 የነበረው ሁኔታ ነው። ዕቃው ያን ቀን አልደረሰም ነበር፤ በኋላ መድረሱ የዚያን ቀን አስተያየትዎን ሐቀኛ ያልሆነ አያደርገውም። ታብሌቱም ከዚያ ቀን በፊት ተወስዶ ከሆነ፣ እርስዎ ባያውቁትም «ያን ጊዜ የነበረ ፍሬ ነገር» ነው። መቼና በማን እጅ እንደጠፋ ማስረዳት ግን ከባድ ይሆናል።

ከሳሹም የሚወጣው ዳገት አለ። ቃላቱ በስሙ ላይ ከባድ ጉዳት እንዳደረሱ ወይም ሊያደርሱ እንደሚችሉ ማሳየት አለበት፤ በ2019 የላሾ ጉዳይ ይህ የሚለካው በቃላቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን በእርግጥ በደረሰው ውጤት እንደሆነ ተወስኗል። ንግዱ ኩባንያ ከሆነና ኩባንያው የሚከስ ከሆነ ደግሞ ከባድ የገንዘብ ኪሳራ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርዎት፦ ከፖስቱ ሥር «ጥሩ ነገርሽኝ፣ ልልክ ነበር፣ ተውኩት» ያሉ ሰዎች ካሉ፣ እርስዎ እንደ ድጋፍ የቆጠሯቸው ኮሜንቶች ለእሱ ዋና ማስረጃ ናቸው። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ደንበኛው ሁሉ አንድ ግሩፕ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህን ነው። ዛሬውኑ ፖስቱን ከነኮሜንቶቹ፣ ከነቀኑና ከነአድራሻው ስክሪንሾት ያንሱ፤ ከዚያ ያጥፉት። ፖስቱን ማጥፋት ጥፋትን ማመን አይደለም፤ እዚያው መተው ግን ካሳውን ያሳድጋል። ደብዳቤውን ግሩፑ ላይ አይለጥፉ፣ ለሰውየውም በቀጥታ አይጻፉ። «እኔንም» ያሉትን በግል አነጋግረው ሊመሰክሩ የሚፈቅዱትን ይለዩ፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት ከፈለ የሚለውን ይመዝግቡ። ሁለት ሰው እንኳ ደረሰኝ ይዞ ከቆመ የጉዳዩ መልክ ይቀየራል።

በ14 ቀኑ ውስጥ በጠበቃ በኩል መልስ ይስጡ። 10,000 ፓውንዱ የእሱ ጥያቄ ነው እንጂ ተመን አይደለም። በእኔ ግምት ተገቢው መልስ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንሳት፣ ለዚያ ብቻ አጭር ማስተካከያ ለማውጣት መስማማት፣ ስለ መዘግየቱና ስለ ስልኩ የጻፉትን ግን አጥብቆ መያዝ ነው። የ1996ቱ የእንግሊዝ የስም ማጥፋት አዋጅ የእርማት ሐሳብ የማቅረብ ሥርዓት አለው፦ ይቅርታና ካሳ በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ እሱ ከተቀበለው ክሱ ይቆማል። ይህን የሚያደርጉት ግን መከላከያ ከማቅረብዎ በፊት ነው፤ ጠበቃዎ ሳያይልዎት እንዳይጀምሩት። ከካሳው ይልቅ የሚያስፈራው የጠበቃ ወጪ ነው፤ የተሸነፈ ሰው በአብዛኛው የሌላውንም ይከፍላል። የክሱ የጊዜ ገደብ ፖስቱ ከወጣበት ቀን አንድ ዓመት ነው።

ፖስቱን ሼር ያደረገ ዘመድ አዲስ አበባ ካለ ያጥፋው። በእንግሊዝ ስም ማጥፋት ከ2010 ጀምሮ ወንጀል አይደለም፤ በኢትዮጵያ ግን ከፍትሐ ብሔር ካሳ ሌላ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ለታብሌቱና ለመዘግየቱ ደግሞ የእርስዎ ክስ አለ። እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ የገንዘብ ጥያቄ በካውንቲ ፍርድ ቤት በአነስተኛ ክስ ሥርዓት ይታያል፤ ያለ ጠበቃም ይቀርባል። ደረሰኙን፣ የስድስት ሳምንቱን ቃል የያዘውን መልእክትና ተከፍቶ የደረሰውን ካርቶን ፎቶ ይዘው ይጀምሩ፤ እናትዎም ካርቶኑን የተቀበሉበትን ቀንና የጎደለውን ጽፈው ይላኩልዎት።