ሚኒስትሩ ሲደውሉ፦ በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለምትሠሩ ወጣቶች

በመንግሥት የልማት ድርጅት፣ ወይም ድርጅቱ ተጠሪ በሆነለት ሚኒስቴር ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ድርጅቱ በራሱ ይወስን ወይስ ሚኒስቴሩ ይቆጣጠረው የሚለው ክርክር ገና በመጀመሪያው ዓመት ይደርስባችኋል። አንዱ ወገን ፖለቲከኞች እጃቸውን ይሰብስቡ ይላል። ሌላው ደግሞ ሀብቱ የሕዝብ እስከሆነ ድረስ የተመረጠው መንግሥት ማዘዝ አለበት ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ክርክሩ ከዓመት ዓመት የማያልቀውም ለዚህ ነው። እኔ የምመክራችሁ ከዚያ ይልቅ ሁለት ነገሮችን እንድትጠይቁ ነው፤ ትእዛዙ በምን መንገድ መጣ? ወጪውን የሚከፍለውስ ማነው?

መንገዱ ለምን እንደሚያሳስብ ከእንግሊዝ ታሪክ ማየት ይቻላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የድንጋይ ከሰል፣ የኤሌክትሪክና የባቡር ድርጅቶች ወደ መንግሥት እጅ ሲገቡ፣ ሕጎቹ ለሚኒስትሩ አጠቃላይ መመሪያ የመስጠት ሥልጣን ሰጥተውት ነበር። የዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን ለቦርዱ ተተወ። በወረቀት ላይ ያማረ አሠራር ነው። ሚኒስትሮቹ ግን በዚያ መደበኛ ሥልጣን የተጠቀሙት ከስንት አንዴ ነው። የጽሑፍ መመሪያ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ምክር ቤት ይጠይቅበታል። የምሳ ግብዣና የስልክ ጥሪ ግን ምንም አሻራ አይተዉም። ዋጋ አሁን አትጨምሩ፣ ያንን ጣቢያ አትዝጉ የሚሉት ቃላት በዚያ በኩል ያልፉ ነበር። ዓመቱ አልቆ ኪሳራ ሲመጣ ሚኒስትሩ ቦርዱን ይወቅሳሉ፤ ቦርዱም የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው የመንግሥት ድርጅቶች ሕግ ይህን ለመዝጋት ሞከረች። ሕጉ የድርጅቱን ዋና ዓላማ ውጤታማ ንግድ አድርጎ ደነገገ። መንግሥት ድርጅቱ ለአንድ የኅብረተሰብ ክፍል አገልግሎት እንዲሰጥ ከፈለገ ደግሞ ውል ይግባ፣ ዋጋውንም በሙሉ ወይም በከፊል ይክፈል አለ። ባለድርሻ ሚኒስትሮች በድርጅቱ የዓላማ መግለጫ ውስጥ ይህ ይግባ ያ ይውጣ ብለው ሲያዙ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሆናል፤ ምክር ቤቱ በሚሰበሰብባቸው 12 ቀናት ውስጥም ይቀርብለታል። ውጤቱ ለሁሉም አልጣመም። እ.ኤ.አ. በ1988 ፖስታ ቤቱ በአንድ ጊዜ 432 ቅርንጫፎችን ዘጋ። ቦርዱ ሕጉ ያዘዘውን ነው ያደረገው፤ ለማያዋጣ ቅርንጫፍ ማንም ካልከፈለ ይዘጋል። ስለዚህ ነፃነት ብቻውን አገልግሎትን ይጠብቃል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ መንግሥትና ፖስታ ቤቱ ዝቅተኛውን የአገልግሎት ግዴታ በስምምነት ሰነድ አሰፈሩት። ደብዳቤ እያነሰ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰነዱ ተሻሽሎ በከተማ የሚታደለበት ቀን ቢያንስ በሳምንት ሦስት እንዲሆን ተፈቀደ። ይህም ተወደደም ተጠላም በአደባባይ የተነገረ ለውጥ ነው።

አሁን ወደ ሥራችሁ እንምጣ። ወጣት ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ጥያቄ ይህ ትእዛዝ ስንት ያስወጣል የሚለው ነው። እንበልና አንድ የባቡር ድርጅት መንገደኛ ያነሰበትን መስመር እንዳይዘጋ ታዘዘ። የድርጅቱ ሂሳብ ክፍል መስመሩ በዓመት 60 ሚሊዮን ያስወጣል፣ ከቲኬት 22 ሚሊዮን ያስገባል፣ ስለዚህ 38 ሚሊዮን ይከፈለኝ ብሎ ይጽፋል። ይህ ቁጥር የተጋነነ ነው። ከ60ው ውስጥ 14ቱ ለመስመሩ የተመደበ የዋና መሥሪያ ቤት ወጪ፣ 6ቱ ደግሞ ከሌሎች መስመሮች ጋር በጋራ የሚጠቀምባቸው ጣቢያዎች ድርሻ ነው እንበል። መስመሩ ነገ ቢዘጋ ሁለቱም ወጪዎች ባሉበት ይቀጥላሉ። በመዘጋቱ በእርግጥ የሚቀረው ወጪ ነዳጁ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የመለዋወጫውና የሐዲድ ጥገናው 40 ሚሊዮን ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የቲኬቱን 22 ቀንሱ። በዚህ መስመር መጥተው ዋናውን መስመር የሚይዙ መንገደኞችም አሉ፤ እነሱ ቢቀሩ ድርጅቱ ሌላ 3 ሚሊዮን ያጣል፤ እሱንም ቀንሱ። የትእዛዙ ትክክለኛ ዋጋ 15 ሚሊዮን ይሆናል።

ሚኒስቴሩ በበኩሉ ባቡሮቹ አሉ፣ ሐዲዱ አለ፣ ምን ያስከፍላል ማለቱ አይቀርም። መልሱ 15 ነው፤ እሱም ቋሚ አይደለም። ፉርጎዎቹ አርጅተው መተካት ሲኖርባቸው የግዢው ዓመታዊ ድርሻ፣ 8 ሚሊዮን ነው እንበል፣ ሊቀር ከሚችለው ወጪ ውስጥ ይገባና 23 ይሆናል። ስለዚህ ውሉ ውስጥ በየሦስት ዓመቱ ስሌቱ እንደገና እንዲሠራ የሚል አንቀጽ አስገቡ። ይህ ሲዘነጋ ድርጅቱ በአሮጌ ዋጋ አዲስ ፉርጎ እንዲገዛ ይጠበቅበታል፤ አይገዛምም።

ክፍያው ካልመጣ ገንዘቡ ከሌላ ቦታ ይወጣል። ከሌላ መስመር መንገደኞች ሊሆን ይችላል፣ ከጥገና፣ ወይም ከብድር። ከሁሉም አታላዩ የጥገናው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማንም አያየውም፤ እንዲያውም ድርጅቱ አትራፊ ይመስላል። ይህን ለመያዝ የአምስት ዓመት የሂሳብ መግለጫዎችን ጎን ለጎን ዘርጉ። ለጥገናና ለመተኪያ የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ከእርጅና ቅናሹ በታች ከሆነ፣ ሪፖርቱ ትርፍ ያለው ከንብረቱ ላይ የተቆረሰ ነው። ንብረቱ የተመዘገበው በድሮ ዋጋ ከሆነ ደግሞ የእርጅና ቅናሹ ራሱ ያነሰ ነውና ጉዳቱ ከሚታየው ይከፋል። ቀጥሎ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰበሰበውን ሂሳብ ተመልከቱ። እሱና ለአቅራቢዎች ያልተከፈለው ዕዳ አብረው እያደጉ ከሆነ፣ መንግሥት ለድርጅቱ አልከፈለም፣ ድርጅቱም በተራው ለሌሎች አልከፈለም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚያበቃው ግምጃ ቤቱ ዕዳውን በሙሉ በመውሰድ ነው፤ ያኔ የማን ትእዛዝ ምን እንዳስከተለ ለመለየት ጊዜው አልፏል።

ትእዛዙ በስልክ ሲመጣስ? ከሚኒስትር ጋር መጨቃጨቅ የእናንተ ሥራ አይደለም። የእናንተ ሥራ በማግስቱ አለቃችሁ የሚፈርሙበትን ደብዳቤ ማርቀቅ ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ወቀሳም አይኑርበት። እንዲህ ቢባል ይበቃል፦ «በዚህ ቀን በስልክ በተሰጠን መመሪያ መሠረት የመስመሩን አገልግሎት እንቀጥላለን። መመሪያው በዓመት 15 ሚሊዮን የተጣራ ወጪ ያስከትላል፤ ስሌቱ ተያይዟል። ወጪው ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚሸፈን እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ግልባጩን ለገንዘብ ሚኒስቴር አድርጉ፤ ገንዘቡን የሚያውቀው እሱ ነውና።

አንዳንዱ ትእዛዝ ይህን ደብዳቤ ሲያይ በራሱ ይቀራል፤ ወጪው ሲታይ ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል። ሌላው ጸንቶ ይቆማል፤ ያም ተገቢ ነው፤ የሩቅ ከተማ ባቡር እንዲኖራት መወሰን የመንግሥት እንጂ የሥራ አስኪያጅ ሥልጣን አይደለም። መልስ ካልመጣ ጉዳዩ ለቦርድ ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ቁጥሩም በዓመታዊ ሪፖርቱ ማብራሪያ ውስጥ ለብቻው ይጻፍ። ሚኒስትሩ የቦርድ አባላትን ባሻቸው ቀን ማንሳት በሚችሉበት አገር ይህ ሁሉ ብዙም ላይከላከል ይችላል። የአባላቱ የሥራ ዘመን በሕግ ካልተወሰነና በተለያየ ጊዜ የሚያበቃ ካልሆነ፣ ቦርዱ ደብዳቤውን ለመላክ ራሱ ይፈራል። እንዲያም ሆኖ ስሌቱን ሥሩትና ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፤ ኦዲተሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።