ሁለት ዝርዝር ሲቀላቀል አንድ ቤተሰብ ለምን ሁለት ጊዜ ይቆጠራል? ጥያቄና መልስ

የወረዳ ባለሙያ፦ በአንድ ቀበሌያችን የሴፍቲኔት ዝርዝር ላይ 412 ቤተሰብ አለ። የአስቸኳይ እርዳታው ደግሞ 268 ነው። ሁለቱን አንድ ኤክሴል ላይ ለጥፌ 680 ብዬ ላክሁ። ከዞን «በዝቷል፣ አጣራ» ተብሎ ተመለሰብኝ። ሁለቱም ዝርዝር በቀበሌው ማኅተም የጸደቀ ነው፤ ምኑ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ ዝርዝሮቹ ላይ ስህተት ላይኖር ይችላል። ችግሩ 680 የረድፍ ብዛት መሆኑ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በሁለቱም ላይ ካለ ሁለት ረድፍ ይዟል። የቤተሰቡን ብዛት ለማግኘት በሁለቱም ላይ ያሉትን አንድ አንድ ጊዜ መቀነስ ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የጋራዎቹ ቁጥር ነው፤ እሱ ሳይታወቅ የሚደመር ድምር ሁሉ ከእውነተኛው ይበልጣል ወይም ቢያንስ እኩል ይሆናል፣ ሊያንስ ግን አይችልም። ዞኑ የነቃው ምናልባት የቀበሌውን ጠቅላላ የአባወራና እማወራ ቁጥር ይዞ ስላየው ይሆናል። እርስዎም ከመላክዎ በፊት በዚያ ቢያነጻጽሩት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። በሁለቱም ላይ መገኘት በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ሁለቱን ዝርዝር ያዘጋጁት የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ነው፤ ቤተሰቡ ላያውቀውም ይችላል። ማጣራቱ ሰው ለመክሰስ እንዳይሆን።

ሌላ አባል፦ ይሄ ምን ያስጨንቃል? Remove Duplicates የሚለውን መጫን ነው፣ አለቀ። እኔ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የማደርገው።

መልስ፦ ግማሹን መንገድ ይወስድሃል። ኤክሴል ድግምግሞሽ የሚለው ፊደል በፊደል አንድ የሆነውን ብቻ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ ዓለሙ» ብሎ ሌላው «ሀይሉ አለሙ» ካለ ለእኛ አንድ ሰው ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ነው። «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ገብረ መድኅን» ተለያይቶና ተያይዞ ሲጻፍ፣ «ገ/መድህን» ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ይመስላል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ስም ሳይነኩ አጠገቡ ሌላ ዓምድ ከፍቶ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣ ማነጻጸሪያ መሥራት ነው። በኤክሴል SUBSTITUTE እየደራረቡ መሥራት ይቻላል፤ ግን «ሐ»ን ብትለውጥ «ሑ» እና «ሕ» አይለወጡም፣ እያንዳንዱ ሆሄ ለብቻው ነው። በፓይተን ይቀላል፦

```python
a = "ሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆሃኣ"
b = "ሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾሀአ"
key = name.translate(str.maketrans(a, b)).replace(" ", "")
```

ምህጻረ ቃላቱን («ገ/»፣ «ወ/»፣ «ኃ/») ከዚህ በፊት ዘርዝሮ መጻፍ ያስፈልጋል። ማነጻጸሪያው የስም፣ የአባትና የአያት ስም ይሁን። በስምና በአባት ስም ብቻ ከሆነ አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት የተለያዩ «አበበ ከበደ» አይጠፉም፤ ያኔ ደግሞ እህል የሚገባውን ሰው ትሰርዘዋለህ።

የወረዳ ባለሙያ፦ ሞከርኩት። በ Remove Duplicates 61 ጥንድ ነበር የወጣው። ፊደሉን አንድ ሳደርገው 83 ሆነ። ስልክ ቁጥሩን ሳነጻጽር ሌላ 14 ጨመረ። 97ቱን ልቀንስ?

መልስ፦ 14ቱን አንድ በአንድ ሳያዩ አይቀንሱ። ስልክ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ቀላል ነው፦ 09 ብሎ የሚጀምረው፣ +251 ያለውና ኤክሴል ዜሮውን የዋጠበት አንድ ቁጥር ናቸው፤ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አሃዞች ብቻ ይውሰዱ።

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(D2," ",""),9)
```

ሁለተኛው ከባዱ ነው። በገጠር አንድ ስልክ ለብዙ ሰው ነው። ስልክ የሌለው ሰው የልጁን ወይም የጎረቤቱን ያስመዘግባል። ስለዚህ የስልክ መመሳሰል ጥርጣሬ ብቻ ነው፣ ማስረጃ አይሆንም።

የወረዳ ባለሙያ፦ አየኋቸው። 11ዱ «ተስፋዬ» እና «ተስፋየ» ዓይነት ናቸው፤ የአያት ስማቸውም ይገጥማል። የቀሩት ሦስቱ ግን በአንዱ ዝርዝር ወንድ፣ በሌላው ሴት ናቸው። የአባት ስማቸውም አይገናኝም። እነዚህማ የተለያዩ ናቸው አይደል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ነው መቆም ያለብን። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ባልየው በሴፍቲኔቱ፣ ሚስትየዋ በአስቸኳይ እርዳታው ተመዝግበው ከሆነ ሁለት ሰው ናቸው፣ ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው። እርስዎ የሚቆጥሩት ደግሞ ቤተሰብ ነው። ስም ማነጻጸር ይህን በፍጹም አያገኝም። የቀበሌውን ሰው ወይም የልማት ቡድን መሪውን ይጠይቁ፤ በአምስት ደቂቃ ይነግሩዎታል።

የወረዳ ባለሙያ፦ ጠየቅኩ። ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው። ሦስተኛዋ ስልክ የተዋሰች ጎረቤት ናት።

መልስ፦ እንግዲህ የጋራዎቹ 83 ሲደመር 11 ሲደመር 2፣ 96 ናቸው። ቤተሰቡ 680 ሲቀነስ 96፣ 584 ነው። በእህል ሲታይ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ብንይዝና ቤተሰቡን በአማካይ አምስት ብንል፣ እነዚያ 96 ረድፎች በወር 72 ኩንታል ያስጠይቃሉ።

ሆኖም 96 «ቢያንስ» ነው ብለው ይጻፉ። በተለያየ ስልክ የተመዘገቡ ባልና ሚስት እስካሁን ተደብቀው ሊኖሩ ይችላሉ። እነሱን የሚያገኛቸው ዝርዝሩን ጎጥ በጎጥ ማስነበብ ብቻ ነው፤ ጊዜ ካለ ያድርጉት።

የእድር ገንዘብ ያዥ፦ የእኛ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ሁለት ሰዎች ወርሃዊ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ የሁለቱን መዝገብ ቀላቅለን ድግምግሞሹን አጠፋን። ድምሩ ባንክ ከገባው ብር አነሰ! ገንዘቡ የት ሄደ?

መልስ፦ ገንዘቡ የትም አልሄደም፣ የተሰረዙት እውነተኛ ክፍያዎች ናቸው። አንድ አባል የሁለት ወር ውዝፍ በአንድ ቀን በሁለት ደረሰኝ 200፣ 200 ብር ቢከፍል ስሙም፣ ቀኑም፣ ብሩም አንድ ነው። ማሽኑ አንዱን ይጥለዋል። እዚህ የሚቆጠረው ክፍያው እንጂ ሰውየው አይደለም፤ ስለዚህ የሚነጻጸረው የደረሰኝ ቁጥር ነው። ሁለቱ ሰብሳቢዎች የያዙት ጥራዝ እያንዳንዱ ከ001 የሚጀምር ከሆነ የደረሰኙ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ የጥራዙን ቁጥር ከፊቱ ጨምሩበት። የሰረዛችሁትን ረድፍ መልሱና እንደገና ሥሩት።

ሌላ አባል፦ ሁለት ጊዜ መጻፍ ማለት ዴቢትና ክሬዲት አይደል? እሱማ ሁለት ጊዜ መመዝገብ አለበት፣ ሕጉ ነው።

መልስ፦ የሚሉት የሂሳብ አያያዝ ነው። እዚያ አንድ ክፍያ በሁለት ወገን ይጻፋል፣ ሁለቱ ወገኖች ግን ይመዛዘናሉ እንጂ አይደመሩም። እዚህ እየተነጋገርን ያለነው አንድ ላይ ስለሚደመሩ ዝርዝሮች ነው።

የመረጃ ሠራተኛ፦ ሁሉም ሰው ፋይዳ ሲያወጣ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይቀርም?

መልስ፦ የሆሄው ጣጣ ይቀራል። የባልና ሚስቱ አይቀርም፣ መታወቂያው የሚሰጠው ለሰው ስለሆነ። ደግሞ አንድ ወጥመድ አለው፦ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር 16 አሃዝ ነው፣ ኤክሴል ደግሞ ቁጥርን በትክክል የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ነው። እንደ ቁጥር ከተተየበ የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ ይሆናል። እንደ ጽሑፍ ቢቀመጥ እንኳ COUNTIF እንደ ቁጥር ስለሚያነጻጽረው በመጨረሻው አሃዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርጋቸዋል። ዓምዱን አስቀድመው ወደ ጽሑፍ ይለውጡና በዚህ ይቁጠሩ፦

```
=SUMPRODUCT(--($A$2:$A$681=A2))
```

የክሊኒክ ሠራተኛ፦ እኛ ጋ ስም የለም፣ ድምር ብቻ ነው የሚላክልን። ሁለት ድምር ይዤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስም ከሌለ አንድ ቁጥር መጻፍ አይቻልም፣ ክልል ግን ይቻላል። ከላይ ባለው ምሳሌ እውነተኛው ቁጥር ከትልቁ ዝርዝር፣ ከ412፣ አያንስም፤ ከ680ም አይበልጥም። ሁለቱን ጫፎች ጽፈው ይላኩ።

ቦታው ድረስ መሄድ ከቻሉ ከትንሹ ዝርዝር 50 ስም በዕጣ አውጥተው በትልቁ ውስጥ ይፈልጉ። 18ቱ ከተገኙ 36 በመቶ ነው፤ ከ268 ሲሰላ 96 ገደማ ይሆናል። ግን በዕጣ ይሁን። ከላይ 50 ስም መቁጠር አንድ ጎጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የወረዳ ባለሙያ፦ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ከ96ቱ አንዳንዱ በአንዱ ዝርዝር የቤተሰብ ብዛት 5፣ በሌላው 7 ነው። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ Remove Duplicates ሁልጊዜ የላይኛውን ረድፍ ነው የሚያስቀረው። ስለዚህ ሴፍቲኔቱን ከላይ ከለጠፉ አንድ የኪሎ ድምር፣ አስቸኳይ እርዳታውን ከላይ ከለጠፉ ሌላ ድምር ይወጣል፣ የቤተሰቡ ቁጥር ግን ሳይለወጥ። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። እኔ ምንም ሳልሰርዝ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ረድፍ አድርጌ፣ የሁለቱን ዝርዝር ብዛት በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ የማይገጥሙትን ለይቼ ወደ ቀበሌው እመልሳለሁ።

ሌላ አባል፦ እኔ በዚህ አልስማማም። ቀበሌው እስኪመልስ ወር ያልፋል፣ ሰው እየተራበ ነው። ትልቁን ቁጥር ይዞ ማደል ይሻላል።

መልስ፦ ለእደላው ያልከው ያስኬዳል፤ ለሪፖርቱ ግን አይሆንም፣ የሚቀጥለው ወር ጥያቄ ከዚያ ስለሚነሳ። ቢያንስ ትልቁ የተያዘባቸውን ረድፎች ምልክት አድርጉባቸው። በተለይ ሴፍቲኔቱ የቤተሰብ ብዛትን 5 ላይ ቆርጦ መዝግቦ ከሆነ ልዩነቱ የጸሐፊ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ መጀመሪያ 5 የሚሉትን ረድፎች ብቻ ለይታችሁ ተመልከቷቸው።