ሁለት የፓፕ ስሚር ውጤት ሲጋጭ የቱ ይታመናል?

«ድሬ ነኝ፣ 38 ዓመቴ ነው። ፓፕ ስሚር ሠርተውልኝ ‹ሃይ ግሬድ ሌዥን› የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ደንግጬ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ደገምኩት፣ ‹ኖርማል› አለ። ሐረር ሄደሽ ኮልፖስኮፒ ተሠሪ ተብዬ ነበር። አሁንም መሄድ አለብኝ?»

አዎ እህቴ፣ ሂጂ። ኮልፖስኮፒ የማህፀን በርን በማጉያ መሣሪያ አቅርቦ ማየት ነው። ሁለተኛው ወረቀት የመጀመሪያውን አይሰርዘውም።

1. ፓፕ ስሚር ከማህፀን በር በብሩሽ ሴል ጠርጎ የሚደረግ ምርመራ ስለሆነ የሚያሳየው ብሩሹ የነካውን ብቻ ነው። የተለወጠው ቦታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ብሩሹ በአጠገቡ ካለፈ ስላይዱ ላይ ምንም አይኖርም። ደም ከበዛበት ሴሎቹ ይሸፈናሉ። የተቀባው ስላይድ ወዲያው አልኮል ውስጥ ካልገባ ደግሞ ሴሎቹ ደርቀው መልካቸው ይበላሻል። አንቺ የደገምሽው በሦስት ሳምንት ነው፤ ላዩ ገና ተጠርጎ ሳይተካ ማለት ነው። መጥፎ ሴል ያየ ባለሙያ አይቷል። ያላየው ግን ስላልነበረ ይሁን ስላልተጠረገ አያውቅም።

በጣም የሚያናድደኝ ይህን ሳያስረዱ ወረቀቱን በመስኮት አቀብለው «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ሴቲቱ ደንግጣ ሌላ ላብራቶሪ ትሄዳለች፣ ኖርማል ሲላት ተገላግላ ትቀመጣለች፣ ወራት ያልፋሉ። ሃይ ግሬድ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። ካልታከመ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ለውጥ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ በዚህ ደረጃ ሲያዝ በቀላሉ ይወገዳል።

2. አንዳንዶች «በግንኙነት የሚተላለፈውንና ይህን ለውጥ የሚያመጣውን ቫይረስ፣ ኤችፒቪን፣ ተመርመሪና ነጋቲቭ ከሆነ ተይው» ይላሉ። ሃይ ግሬድ ከወጣ በኋላ ይህ አይሠራም፣ ኮልፖስኮፒው አይቀርም። መጠበቅ ተገቢ የሚሆነው ሌላ ሴት ላይ ነው፦ ኤችፒቪ ፖዘቲቭ ሆና የማህፀን በሯ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ ሲታይ ምንም ያልተገኘባት ሴት በ24 ወር፣ ኤችአይቪ ካለባት ደግሞ በ12 ወር ኤችፒቪውን ትደግማለች። ቫይረሱ ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ከማን መቼ እንደመጣ ማንም አይነግርሽም፤ ባልሽን እንዳትወቅሺበት።

3. የመጀመሪያውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ ስላይዱን ከሰጡሽ እሱንም። ቀጠሮሽ የወር አበባ ላይ እንዳይውል። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ግንኙነትም፣ ውስጥ የሚገባ መድኃኒትም፣ ውስጥን ማጠብም ይቅር። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ገብተሽ ስትተኚ ብልት በስፔኩለም ተከፍቶ የማህፀን በሩ ይታያል፣ አሴቲክ አሲድ ይቀባል፣ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ጤናማ ያልሆነው ቦታ ነጥቶ ብቅ ይላል። አዮዲን ሲቀባም ጤነኛው ክፍል ጠቁሮ ቡናማ ሲሆን ያኛው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ሐኪሙ ከነጣው ቦታ በትንሽ መቆንጠጫ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ በላይ። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም ነው፤ ከዚያ ጥቂት ቀን ትንሽ ደም ይታያል። ሞዴስ በሰዓት የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከመጣ ግን ተመለሽ።

ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ መግባቱንና ዕቃው ላይ ስምሽ መጻፉን እዚያው አይተሽ ውጪ። ውሃ ወይም ሳላይን ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ ይበላሽና ምርመራው ከንቱ ይሆናል። ውጤቱ የሚወጣበትን ቀን ጠይቂ፤ ስልክ ይደወልልኛል ብለሽ አትቀመጪ።

ከዚያ የሚሆነው ይህ ነው። ባዮፕሲው፣ ማለትም የተወሰደው ሥጋ ምርመራ፣ ሲአይኤን 2 ወይም 3፣ ማለትም ከፍ ያለ ደረጃ የቅድመ ካንሰር ለውጥ፣ ካለ ይታከማል። ለውጡ ሙሉ በሙሉ የሚታይ፣ ወደ ውስጥ ያልገባና ከማህፀን በሩ ሦስት አራተኛ በታች የያዘ ከሆነ፣ ካንሰርም ካልተጠረጠረ፣ በሙቀት ሊቃጠል ይችላል፤ 100 ዲግሪ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጠርዙ ካልታየ ግን ማቃጠል አይበቃም፤ በሊፕ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ቀጭን ሽቦ፣ ቦታው አደንዝዘው ቆርጠው ያወጡታል። የወጣውም ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል፣ ጠርዙ ንጹህ መሆኑ ይታያል። ጠርዙ ላይ ለውጥ ከተረፈ ክትትሉ ይጠናከራል።

ባዮፕሲው ሲአይኤን 1 ብቻ ቢል ወይም ምንም ባይገኝ አትዝናኚ። ፓፑ ሃይ ግሬድ ስላለ ሁለቱ አልተስማሙም፤ ስላይዱ እንዲታይ፣ የማህፀን በሩ ውስጠኛ መንገድም እንዲመረመር ጠይቂ።

ከታከምሽ በኋላ ለአራት ሳምንት ያህል ውሃ መሳይ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል፤ እስከዚያ ግንኙነት ይቆይ። በ12ኛው ወር የኤችፒቪ ምርመራ አለብሽ፤ ቀኑን ያዢ። ደንገጎን ወጥተሽ ሐረር መድረስ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ።