«ሰውነቴን ያቃጥለኛል» ሲል ሐኪሙ ምን ሰማ?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ስዊድን ከገባ ዓመት አልፎታል። ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ ይላል። ተመርምሮ ምንም የለህም ተባለ። እናታችን ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበትን ወዳጃ እናስደርግለት እያለች ነው። ምን ትላላችሁ?»

አብሽሪ እህቴ። እኔም ደርሶብኛል። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፣ ስዊድን ግን ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት የአክስቴን ልጅ አስተርጓሚ አድርጌ ነው። ገና 14 ዓመቷ ነበር። እኔ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» እላለሁ፤ እሷ «ትኩሳት አለው፣ ሆዱን ያመዋል» ትላለች። ደም ተቀዳሁ፣ ሰገራ ሰጠሁ፣ ሁሉም ደህና። ማታ ማታ እንደማለቅስስ በእሷ ፊት እንዴት ብዬ ላውራ?

ሁለተኛዋ ሐኪም ልጅቷን ውጭ አስቀምጣ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገባች። እዚያ ጤና ጣቢያው አስተርጓሚ ይይዝልሻል፣ ቀጠሮ ሲያዝ መጠየቅ ነው። ጥያቄዋም ሌላ ሆነ። «ሕመሙን አንተ ምን ብለህ ትጠራዋለህ? ቤተሰብህስ? በምን የመጣ ይመስልሃል? አገርህ ብትሆን ወዴት ትሄድ ነበር?» ኋላ እንደተረዳሁት፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በ2013 እ.ኤ.አ. መመሪያቸው ውስጥ ያስገቡት ባለ 16 ጥያቄ የባህል ቃለ መጠይቅ አለ፤ ከዚያ የተወሰደ ነው።

«ወዳጃ ይደረግልኝ ነበር» አልኳት። አልሳቀችም። ማን ማን እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ስቆጥርላት ነው የገባኝ፦ እዚያ «እንዴት ዋልክ» የሚለኝ አንድ ሰው የለም። ደሴ ሱቅ የነበረኝ ሰውዬ ፎርም እንኳ የሚሞላልኝ ሕፃን ነው። በስልክ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ተበድሬ ብር እልካለሁ።

ቀጥሎ የሚለየው ነገር አለ። የመላመድ ችግር የሚባለው አንድ ከባድ ለውጥ በገጠመ በ3 ወር ውስጥ ይጀምራል። ምክንያቱ ሲቃለል በ6 ወር ውስጥ ይለቃል፤ ምክንያቱ ካልተነሳ ግን ይጎተታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ምንም ደስ የማይለው ከሆነ ድብርት ሊሆን ይችላል። በመንገድ ያየው መከራ በቅዠት የሚመላለስበትም ሕክምናው ሌላ ነው። የኔ የመጀመሪያው ስለነበር ክኒን አልታዘዘልኝም። ፎርሙን የሚያግዘኝ አዋቂ ሰው ተፈለገ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአገር ልጆች ጋር ቡና እንድጠጣ፣ የቋንቋ ትምህርቱንም እንዳላቋርጥ ተስማማን፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል እንደሚጎዳ ደጋግማ ነግራኛለች። ሦስተኛው ለእናቴ እውነቱን መንገር ነበር። እሱ ብቻውን ሁለት ወር ፈጀ። እንቅልፌ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ማቃጠሉ ግን ዕዳ ሲያስጨንቀኝ አሁንም ብቅ ይላል።

ወንድምሽ «መኖሬ ምን ዋጋ አለው» ካለ ቀጠሮ አይጠብቅ፣ በዚያው ቀን 112 ይደውል።

ወዳጃውን አድርጉለት፣ ሐኪም ዘንድ መሄዱንም አያቁም። ሲያበቃ ደውሉና ማን ማን እንደመጣ በስም ንገሩት። የብር ነገር ለሌላ ቀን ይቆይ።