ፋስ፣ ቢድ እና የጉበት ሴል፦ በአፖፕቶሲስ መንገዶች ላይ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፋስ የውጭ መንገድ ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ ጉበት ሴል ላይ ካስፔዝ 9 ለምን ይነቃል? ፈተና ላይ የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ መነሻው ከውጭ ነው፣ ጉበት ላይ ግን በሚቶኮንድሪያ በኩል ያልፋል ብለሽ ጻፊ። ሊጋንዱ ከፋስ ጋር ሲያያዝ ተቀባዩ ፋድ የተባለውን ፕሮቲን ይስባል፤ ፋድ ደግሞ ካስፔዝ 8ን ይሰበስባል። ታይመስ ውስጥ ባሉ ሊምፎሳይቶች ይህ ካስፔዝ 8 ካስፔዝ 3ን በቀጥታ ቆርጦ ሥራውን ይጨርሳል።

ጉበት ሴል ላይ ግን ኤክስአይኤፒ የተባለ ፕሮቲን ካስፔዝ 3ን ጨምድዶ ይይዘዋል። መፍትሔው ቢድ ነው። ካስፔዝ 8 ቢድን ይቆርጠዋል፤ ቁራጩ ባክስንና ባክን ያነቃል፤ እነሱም የሚቶኮንድሪያውን የውጭ ሽፋን ይበሱታል። በቀዳዳው የሚወጣው ሳይቶክሮም ሲ ከሰባት አፓፍ-1 ጋር መንኮራኩር መሰል ስብስብ ይሠራል፤ ካስፔዝ 9 የሚነቃው እዚያ ላይ ነው። አብሮ የሚወጣው ስማክ ደግሞ ካስፔዝ 3ን ከኤክስአይኤፒ ያስለቅቃል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይህን ስማክን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአይጦች ላይ ታይቷል፦ ቢድ ሲጠፋ ፋስ ቢቀሰቀስም ጉበታቸው ተረፈ፣ የታይመስ ሴሎቻቸው ግን እንደወትሮው ሞቱ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ካስፔዝ ሁሉ የሚነቃው ሲቆረጥ ነው ማለት ነው።

መልስ፦ ለ3 እና ለ7 ልክ ነህ። 8 እና 9 ግን መጀመሪያ የሚነቁት ሁለት ሁለት ሆነው ሲጠጋጉ ነው። ለ8 መቆረጡ ተከትሎ የሚመጣ ማጽኛ ነው፤ 9 ደግሞ ሳይቆረጥም ከስብስቡ ጋር ሆኖ ይሠራል።

ጥያቄ፦ እኔ ስታውሮስፖሪን ሰጥቼ በኪት ለካሁ፤ ካስፔዝ 8 ከፍ አለ። የውጭ መንገድ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ኪቱን አትመኚው። ለካስፔዝ 8 መለኪያ የሚሸጠውን IETD የተባለ ፔፕታይድ ካስፔዝ 3ም ይቆርጠዋል፤ ሴሉ ሊሞት ሲል ደግሞ ካስፔዝ 8 ራሱ ከታች ባሉት ካስፔዞች ይቆረጣል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ብቻ የተወሰደ ናሙና ቅደም ተከተሉን አይነግርሽም፤ በተለያየ ሰዓት ውሰጂ። ከዚያ ባክስና ባክ በሌላቸው ሴሎች ድገሚው፦ ሞቱ ከቆመ መንገዱ በሚቶኮንድሪያ በኩል ነው። ግን ይህ ብቻውን መነሻውን አያሳይም፤ ጉበት ሴል በፋስም ሲቀሰቀስ ያው ውጤት ይወጣልና። ካስፔዝ 8 የሌላቸውን ሴሎችም ጨምሪበት። እነሱም ካልሞቱ ያኔ የውጭውን ጠርጥሪ።

አስተያየት፦ ጁርካትም የሊምፎሳይት ዘር ነው፣ ግን ሚቶኮንድሪያው እንዳይበሳ የሚከላከለው ቢሲኤል-2 ሲበዛበት ከፋስ ይተርፋል። «ሊምፎሳይት ሚቶኮንድሪያ አያስፈልገውም» የሚለው እንዴት ይቆማል?

መልስ፦ አይቆምም፣ ለዚህ ነው «የታይመስ ሴሎች» ያልኩት። የኤክስአይኤፒ መጠን የጉበቱን በደንብ ያስረዳል፦ ኤክስአይኤፒ በሌላቸው አይጦች ጉበት ሴል ያለ ቢድም ይሞታል። ጁርካት ላይ ግን ዋናው ምክንያት መነሻው ላይ የሚሰበሰበው ካስፔዝ 8 ማነሱ ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ ባይ ነኝ።